ሸኚ ደብዳቤ ላይ የጻፍኳት አንዲት መስመር ከጨረታ አስወጣችኝ፤ ምን ቃል መግባት፣ ምን መተው ነበረብኝ?

ብየዳ ቤት (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ የብረትና የእንጨት ወርክሾፕ አለኝ። ሰባት ሆነን ነው የምንሠራው። ከትናንት ወዲያ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያነበብኩት ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ የምታውቁ ካላችሁ እንድታስረዱኝ ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት 150 ኮምባይንድ ዴስክ ለመግዛት ጨረታ አውጥቶ ነበር። አንዱን በ6,800 ብር ሞላሁ፤ 1,020,000 ብር መጣ፤ ቫቱ ሲደመር 1,173,000። ሲከፈት እዚያው ነበርኩ። ከእኔ ቀጥሎ ያለው 1,198,300 ብር ነው የተነበበው። አሸንፌያለሁ ብዬ ለልጆቹ ደወልኩ። ከዚያ ውጤቱ ሲለጠፍ ስሜ ፊት ለፊት «ቅድመ ሁኔታ ያለበት ዋጋ በማቅረቡ ከውድድር ውጭ የተደረገ» ይላል።

ሄጄ ጠየቅኩ። ችግሩ ሸኚ ደብዳቤው ላይ ነው አሉኝ። የጻፍኩት ቃል በቃል ይኼ ነው፦

«ዋጋችን የብረት ገበያ እስካልተለወጠ ድረስ የጸና ሲሆን፣ አሸናፊ ከሆንን ዕቃውን በ10 ቀን ውስጥ አጠናቀን እናስረክባለን። ከዝቅተኛው ተጫራች ዋጋ ላይም 2% ቅናሽ እናደርጋለን።»

ደብዳቤውን ከዚህ በፊት ለግል ድርጅት ከጻፍኩት ላይ ነው የገለበጥኩት። ዋናው የማቅረቢያ ቅጽ ላይ ግን ዋጋዬ 60 ቀን እንደሚጸና ፈርሜ ማኅተም አድርጌያለሁ። ቅጹ እያለ ደብዳቤዋን ለምን ያዩብኛል? ለወደፊቱስ ምን ልጻፍ?

---

የሆጤ ልጅ

ወንድሜ፣ መልሱ አጭር ነው፤ ሸኚ ደብዳቤ አትጻፍ። እኔ ስድስት ዓመት የጽሕፈት መሣሪያ ሳቀርብ አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም። ቅጹን ሞልተህ፣ ለጨረታ ማስከበሪያ የሚሆነውን ሲፒኦህን አያይዘህ፣ ኤንቨሎፑን አሽገህ ማስገባት ነው። የሚያስፈልገው ሁሉ ቅጹ ላይ አለ። ያልጻፍከው ነገር አያስጠይቅህም።

---

ጡረተኛው

ልጄ፣ መጀመሪያ አይዞህ። ደሴ ላይ ግዥ ክፍል ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት፤ የጨረታ ኮሚቴ ጸሐፊም ሆኜ ብዙ ፖስታ ከፍቻለሁ። የአንተን ዓይነት ደብዳቤ ስናገኝ ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠውን ሰው ማስወጣት እኛንም ያመን ነበር። ግን ሌላ መንገድ አልነበረንም፤ ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ከኤንቨሎፑ ውስጥ የወጣ፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት ወረቀት ሁሉ የአንተ ቃል ነው። «ይኼ ቅጽ ነውና ይያዝ፣ ይኼ ደብዳቤ ነውና ይተው» የሚል ሥልጣን ለኮሚቴው የሰጠው የለም። ቅጹ 60 ቀን ይላል፤ ደብዳቤው የብረት ዋጋ እስካልተለወጠ ይላል። ብረት ነገ ቢጨምር የትኛውን ልትከራከርበት ነው? ደብዳቤውን። ኮሚቴውም ይህን ያውቃል። ቅጹን ብቻ ይዞ ቢያሳልፍህ ሁለተኛው ተጫራች «ለእሱ የዋጋ ማስተካከያ በር ተከፍቶለት እኔ በቁርጥ ዋጋ ተወዳደርኩ» ብሎ አቤት ይላል፤ እውነቱንም ነው።

«ጠርተው ማብራሪያ ቢጠይቁኝስ» ትል ይሆናል። ማብራሪያ መጠየቅ ይቻላል። ነገር ግን የዋጋውን ወይም የግዴታውን መሠረት የሚቀይር መልስ አይወሰድም። «እስካልተለወጠ ድረስ» የምትለዋን አንሣልን ብንልህና ብታነሣት፣ ዋጋዎች ሁሉ ከተነበቡ በኋላ የመጫረቻ ሰነድህን አሻሻልክ ማለት ነው።

የሆጤው ልጅ ያልከው ግማሹ ልክ ነው። ሰነዱ ካልጠየቀ ያለ ደብዳቤ መግባት ይቻላል፤ በመጥፎ ደብዳቤ ከመግባትም ይሻላል። ግን ብዙ ሰነድ «በድርጅቱ አርማ ባለው ወረቀት የተጻፈ ሸኚ ደብዳቤ» ብሎ በግልጽ ይጠይቃል። ያኔ አለማያያዝህ ራሱ ጉድለት ሆኖ ሊያዝብህ ይችላል። ስለዚህ የተጫራቾችን መመሪያ አንብቦ መወሰን እንጂ እንደ ደንብ «አትጻፍ» አይባልም።

---

የሆጤ ልጅ

ጋሼ፣ እሺ፣ የሚጠይቅ ሰነድ እኔ አላጋጠመኝም ነበር። ግን ሁለት በመቶ ቅናሹስ? ቅናሽ ማድረግ የሚከለክል ሕግ አለ እንዴ?

---

ጡረተኛው

ቅናሽ አይከለከልም። የሚከለከለው በሰው ዋጋ ላይ የተንጠለጠለ ቅናሽ ነው። ማስታወቂያዎቹን አይታችሁ ከሆነ «አንድ ተጫራች በሌላው ተጫራች ዋጋ ላይ ተንተርሶ መጫረት አይችልም» የምትል መስመር አለች። «ከዝቅተኛው ላይ 2%» ማለት ራሷ እሷ ናት። ሁሉም ተጫራች እንደዚያ ቢጽፍ ዋጋ የሚባል ነገር አይኖርም፤ ሁሉም ሌላውን እየጠበቀ ነው።

ትክክለኛው ቅናሽ በራስህ ዋጋ ላይ የሚሰላ ነው። ብየዳ ቤት «ካቀረብነው ጠቅላላ ዋጋ ላይ 2% ቅናሽ አድርገናል» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ከ1,173,000 ላይ 23,460 ብር ይቀነሳል፤ 1,149,540 ይሆናል። ማንም ሰው በካልኩሌተር ያገኘዋል፤ የሌላ ሰው ፖስታ መክፈት አያስፈልገውም። ቦታውም ማቅረቢያ ቅጹ ላይ ለቅናሽ የተተወው ክፍት ቦታ ነው። ደብዳቤው ላይ ከደገምከው አሃዙ አንድ ዓይነት ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር። ፖስታ ሲከፈት ቅናሹ ጮክ ተብሎ መነበብ አለበት። ሳይነበብ ከታለፈ እጅህን አውጥተህ «የእኔ ቅናሽ አልተነበበም» በልና ቃለ ጉባኤው ላይ መግባቱን አይተህ ፈርም። በኋላ «ውስጡ ጽፌ ነበር» ብትል የሚሰማህ አታገኝም።

---

ኑርዬ ከቧንቧ ውሃ

ሰላም ናችሁ። እኔም ሲፒኦ ላይ ችግር ገጥሞኝ ነበር። በመሥሪያ ቤቱ ስም ማሠራት ሲገባኝ በራሴ ድርጅት ስም ባንኩ ሠርቶ ሰጠኝ። ይኼም እንደ ቅድመ ሁኔታ ይቆጠራል ወይ?

---

ጡረተኛው

ኑርዬ፣ ያንተ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ የጨረታ ማስከበሪያ ጉድለት ነው፤ ደብዳቤ ምንም ቢጻፍበት አይድንም። ለብቻው ጥያቄ ክፈትና እንነጋገርበታለን።

---

ጽዳት በሸዋ በር

እኔ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ፤ ከዚህ የባሰ ስለሆነ ነው።

የጽዳት አገልግሎት ድርጅት አለኝ፤ አሥራ አንድ ሴቶች አብረውኝ ይሠራሉ። ባለፈው ዓመት አንድ ተቋም የጽዳት ጨረታ አወጣ። ሁለት ፖስታ ነው፤ ቴክኒካል ለብቻ፣ ፋይናንሻል ለብቻ። ቴክኒካሉ መጀመሪያ ይከፈትና ያለፈ ሰው ፋይናንሻሉ ሌላ ቀን ይከፈትለታል። እኔ ሸኚ ደብዳቤውን ቴክኒካሉ ውስጥ አስገባሁ፤ መጨረሻው ላይ «በወር በጠቅላላ ይህን ያህል ብር እንደምንሠራ እንገልጻለን» ብዬ ብሩን ጻፍኩ። ቴክኒካሉን ሲከፍቱ ሰብሳቢው አነበበውና ዝም አለ። ልምዳችን፣ የሠራተኞቻችን ዝርዝር፣ የምንጠቀምበት ማሽን ሁሉ ደህና ነበር። ግን ጊዜው ሳይደርስ ዋጋዬ ስለታወቀ ያኔውኑ ወጣሁ። ፋይናንሻል ፖስታዬ እንደታሸገ ተመለሰልኝ፤ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ሁለት ፖስታ ከሆነ ደብዳቤ ላይ አንዲት የብር አሃዝ እንዳትጽፉ።

---

ሐረጎ ትራንስፖርትና አቅርቦት

እናንተ የወጣችሁበትን ነው የምታወሩት። እኔ አሸንፌ የተጎዳሁበትን ልንገራችሁ።

ወንበርና ጠረጴዛ ነበር፤ የ480,000 ብር ሥራ። ሰነዱ 30 ቀን ይሰጣል። እኔ ደግሞ ጎበዝ ልባል ብዬ ደብዳቤው ላይ «በ7 ቀን ውስጥ» ብዬ ጻፍኩ። አሸነፍኩ። ውሉ ሲመጣ የማስረከቢያ ጊዜ 7 ቀን ይላል። ከራስህ ሰነድ ነው የወሰድነው አሉኝ። ሥራው እንዳያመልጠኝ ብዬ ፈረምኩ።

ዕቃው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ነው፤ ነጋዴው አዘገየብኝ። በ21ኛው ቀን አንድ ላይ አስረከብኩ። በመሥሪያ ቤቱ ሰነድ ብሄድ ገና ዘጠኝ ቀን ነበረኝ። በራሴ ቃል ግን 14 ቀን ዘገየሁ። ውሉ ላይ የመዘግየት ቅጣቱ በቀን 0.1% ነው፤ 480 ብር በቀን፣ በ14 ቀን 6,720 ብር ከክፍያዬ ላይ ተቆረጠ። ትርፌ ራሱ ስስ ነበር። የሚያሳዝነኝ ደግሞ ሁለተኛ የወጣው ሰው 30 ቀን ነበር የጻፈው፤ እኔን ያስበለጠኝ ዋጋዬ እንጂ ሰባት ቀኗ አይደለችም። ለማንም ያልጠቀመ ቃል ገባሁ።

---

የሆጤ ልጅ

ቆይ ጋሼ፣ ፍጥነት ነጥብ የለውም እንዴ? አንዳንድ ሰነድ ላይ ለማስረከቢያ ጊዜ ነጥብ ይሰጣል።

---

ጡረተኛው

ሰነዱ የመገምገሚያ መስፈርት ብሎ ከጻፈው አዎ፣ ያኔ ማሳጠር ያዋጣል። ካልጻፈው ኮሚቴው አንዲት ነጥብ ሊጨምርልህ አይችልም፤ በሰነዱ ባልተጻፈ መስፈርት ማወዳደር አይፈቀድለትም። ያኔ የምታሳጥረው ቀን ጥቅሙ ዜሮ ነው፤ ግዴታው ግን አንተው ላይ ይቀራል።

ብየዳ ቤት፣ ልጠይቅህ። ወርክሾፕህ በቀን ስንት ዴስክ ያወጣል?

---

ብየዳ ቤት (ኮምቦልቻ)

አርኤችኤስ የሚባለው ብረት ተቆርጦ ከተዘጋጀና መብራት ካልጠፋ ስምንት። ቀለም ጨምሮ ማለቴ ነው።

---

ጡረተኛው

150ን ለስምንት ስታካፍለው 19 የሥራ ቀን ነው። እሑድን ስትጨምር ከሦስት ሳምንት ያልፋል፤ መብራት የጠፋበትን ቀን ሳንቆጥር። ታዲያ 10 ቀን ብለህ ስትጽፍ ከየት አመጣኸው?

---

ብየዳ ቤት (ኮምቦልቻ)

እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ፣ አልቆጠርኩትም። አሥር ቀን ጥሩ ይመስላል ብዬ ነው። አሁን ሳስበው ባሸንፍ ኖሮ ከመውጣቴ የባሰ ነገር ይገጥመኝ ነበር።

ግን አንድ ነገር አልወጣልኝም። የብረቱን ነገር የጻፍኩት ቀልድ አይደለም። ባለፈው ዓመት ሥራ ተቀብዬ ውል እስክፈራረም ድረስ አንዱ ዘንግ ላይ የጨመረው ትርፌን በሙሉ ነው የበላው። 60 ቀን ቁርጥ ዋጋ ያዝ ስባል ያንን ሥጋት የት ልወስደው?

---

ጡረተኛው

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሥጋትህም እውነት ነው። መልሱ ግን ዋጋህ ውስጥ ነው እንጂ ደብዳቤህ ውስጥ አይደለም።

60 ቀን ማለት መሥሪያ ቤቱ ከመክፈቻው ጀምሮ እስከ 60ኛው ቀን ድረስ «አሸንፈሃል፣ ና ፈርም» ሊልህ ይችላል ማለት ነው። በዚያ ውስጥ ጠርቶህ ዋጋ ጨምሯል ብለህ እምቢ ካልክ የጨረታ ማስከበሪያህን ይወርሰዋል። ስለዚህ ስትሞላ ማሰብ ያለብህ የዛሬውን የብረት ዋጋ ሳይሆን ከሁለት ወር በኋላ ልትገዛበት የምትችለውን ነው። ያንን ስትጨምር ከ6,800 በላይ ይመጣ ይሆናል፤ አላሸንፍም ብለህ ትፈራለህ። ግን በ6,800 አሸንፈህ በኪሳራ ከመሥራት ያ ይሻላል።

ሁለተኛ ነገር፣ ይኼን ብዙ ሰው አያውቀውም። ኮሚቴው ሥራውን በ60 ቀን መጨረስ ካልቻለ የዋጋህን መጽኛ ጊዜ እንድታራዝም በጽሑፍ ይጠይቅሃል። ያኔ እምቢ የማለት መብት አለህ። እምቢ ብትል ከውድድሩ ትወጣለህ፤ ማስከበሪያህ ግን ይመለስልሃል። ብረት በጣም ከጨመረ በሰላም የምትወጣበት በር እሱ ነው። እሺ ካልክ ደግሞ በድሮው ዋጋህ ነው፤ «አራዝማለሁ፣ ግን ዋጋ እጨምራለሁ» የሚባል መልስ የለም። የሲፒኦህን ወይም የባንክ ዋስትናህን ቀንም አብረህ ታራዝማለህ።

ሰነዱ ራሱ የዋጋ ማስተካከያ ከፈቀደ ሌላ ነገር ነው፤ ረጅም ጊዜ በሚወስድ ግንባታ ላይ ይታያል። የአንድ ወር ዴስክ ላይ አትጠብቀው።

---

ሐረጎ ትራንስፖርትና አቅርቦት

ጋሼ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። የእኔ ደብዳቤ የውሉ አካል ነው አይደለም የሚለው ገና አልተፈታም። ውሉ ላይ አባሪ ተብለው የተዘረዘሩት የዋጋ ዝርዝሩና ዝርዝር መግለጫው ብቻ ናቸው፤ ሸኚ ደብዳቤው የለም። ጠበቃ ሳማክር 30 ቀን ብለህ መከራከር ትችል ነበር አለኝ።

---

ጡረተኛው

ሰባት ቀን የሚለው ውሉ ራሱ ላይ ተጽፎ ፈርመህበታል አላልክም? ክርክሩ ያለው ከመፈረምህ በፊት ነበር። ያኔ «ሰነዳችሁ 30 ቀን ይላል፣ በሰነዱ ይሁን» ብትል የሚሰማህ ኃላፊ ሊኖር ይችል ነበር፤ ላይኖርም ይችል ነበር።

---

ሐረጎ ትራንስፖርትና አቅርቦት

ቀነ ገደቡ ውሉ ላይ የገባው ከደብዳቤው ነው፤ ደብዳቤው ደግሞ አባሪ አይደለም። ጠበቃዬ ያለው ይኼንን ነው። እኔ አሁንም እንደተበደልኩ ነው የሚሰማኝ።

---

ጽዳት በሸዋ በር

ሐረጎ፣ አብሽር። እኔ ከዚያ በኋላ የምጠቀምበትን ዘዴ ልንገራችሁ። ደብዳቤውን አትሜ ከማኅተም በፊት እስክሪብቶ ይዤ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ «እስከ…ድረስ»፣ «ከሆነ»፣ «ሲፈቀድ»፣ «ካልተለወጠ»፣ «ቢሆን» የሚሉትን ሁሉ አሰምርባቸዋለሁ። «ቅድመ ክፍያ ሲለቀቅልን»፣ «ክምችት እስካለ ድረስ»፣ «ባንክ ሲፈቅድልን» የሚሉት ሁሉ እዚያ ይያዛሉ። የተሰመረበት ካለ አወጣዋለሁ። ቀጥሎ «እናቀርባለን»፣ «እንሠራለን»፣ «እንጨምራለን» በሚል የሚያልቀውን ሁሉ ከሰነዱ ጋር ገጽ በገጽ አስተያያለሁ። ሰነዱ ላይ የሌለ ከሆነ፣ ገንዘብ የማያስወጣኝ መሆኑን ካላረጋገጥኩ ይሰረዛል። አንድ ጊዜ «ተጨማሪ ሁለት ሠራተኛ በነጻ» ብዬ ጽፌ ያዳነኝ ይኼ ነው።

---

ብየዳ ቤት (ኮምቦልቻ)

አላህ ይስጥልኝ እህቴ። ጋሼንም አመሰግናለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት የሚዘጋ ሌላ ጨረታ አለ፤ የመጻሕፍት መደርደሪያ ነው። ደብዳቤውን እንዲህ ጻፍኩት፤ እዩልኝ፦

«ጉዳዩ፦ የመጫረቻ ሰነድ ስለማስገባት
ድርጅታችን መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ቁጥር … ባወጣው ግልጽ ጨረታ ለመወዳደር የመጫረቻ ሰነዱን አንድ ዋና እና አንድ ቅጂ አድርጎ አቅርቧል። የጨረታ ሰነዱን ከነማሻሻያው አንብበን የተቀበልን ሲሆን፣ ዋጋችን በማቅረቢያ ቅጹ ላይ በተገለጸው መሠረት ጨረታው ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ለ60 ቀን የጸና ነው። ዕቃውን በሰነዱ በተመለከተው ቦታና የጊዜ ገደብ እናስረክባለን። ለዚሁ ጉዳይ ሰነዱን የፈረሙት የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ጥራት ያለው ሥራ እንደምንሠራና የሁለት ዓመት ዋስትና እንደምንሰጥ እናረጋግጣለን።
ከሠላምታ ጋር
አባሪ፦ … ገጽ»

---

ጡረተኛው

ጥሩ ነው። ሁለት ነገር ብቻ። «አንብበን የተቀበልን» ብለህ ከጻፍክ በእውነት አንብበው፤ ማሻሻያ ወጥቶ እንደሆነም ሄደህ ጠይቅ። መክፈቻው ተራዝሞ ወይም ብዛቱ ተቀይሮ በድሮው የሞላ ሰው አይቻለሁ። አባሪ ላይ የገጹን ቁጥር ስትጽፍም ቁጠረው፤ 34 ብለህ 33 ከተገኘ ጠፋብኝ ብትል ማስረጃ የለህም።

ሁለተኛው ያ የሁለት ዓመት ዋስትና። ሰነዱ ስንት ይላል?

---

ብየዳ ቤት (ኮምቦልቻ)

አንድ ዓመት።

---

የሆጤ ልጅ

ጋሼ፣ እዚህ ላይ ግን ልከራከር። የሱ ብየዳ ጠንካራ ከሆነ ሁለት ዓመት ቢል ምን ይጎዳዋል? ገዢው ደስ ይለዋል፤ ለሚቀጥለው ያውቀዋል።

---

ጡረተኛው

ብየዳው ላይ አልጠራጠርም። ግን መደርደሪያ ላይ የሚበላሸው ብየዳው ብቻ አይደለም፤ ቀለሙ አለ፣ ቺፕውዱ እርጥበት ሲነካው ያብጣል። «ዋስትና» ብሎ በደፈናው ከጻፈ ሁሉንም ተሸክሟል። የውል ማስከበሪያው ደግሞ ዋስትናው እስኪያልቅ የሚያዝ ከሆነ ያ ገንዘብ ለተጨማሪ አንድ ዓመት ይታሰርበታል። ብየዳ ቤት፣ የውሉን ልዩ ሁኔታዎች አንብበህ ማስከበሪያው መቼ እንደሚለቀቅ ንገረኝ፤ ከዚያ እንወስናለን።

---

ብየዳ ቤት (ኮምቦልቻ)

ሰነዱ ወርክሾፕ ነው፤ ነገ ጠዋት አይቼ እጽፋለሁ። ለጊዜው ያቺን ዓረፍተ ነገር አውጥቻታለሁ።